ቁጥሩ ሲቀየር የተቀየረው ምንድን ነው? በጎርፍ ዘገባ የሟቾችን ቁጥር ስለማደስና ያልታወቀውን በግልጽ ስለመናገር

ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ሙሉ ቃል



ከባሌ ተራሮች የሚነሳው ወይብ ወንዝ የሶፍ ኡመርን ዋሻ ሰንጥቆ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከዚያ በታች ጌስትሮ ተብሎ እየተጠራ በዶሎ አካባቢ ከገናሌ ጋር ይገናኛል። የዚህ አገር ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ዝናቡ የሚጥለው ደጋ ላይ ነው፣ ጎርፉ የሚደርሰው ግን ፀሐይ በወጣበት ቆላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጊኒር የተቀመጠ ዘጋቢ የጎርፍ ወሬ ሲሰማ፣ አደጋው የደረሰበትን ቦታ ሳያይ፣ መንገዱ ተቆርጦ፣ ስልኩ እየመጣ እየጠፋ፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ሰው አፍ ነው የሚሰማው። በዚያች ሰዓት አለቃውም አንባቢውም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ሰው ሞተ?»

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ ይልቁንም መልሱ በየሰዓቱ በሚቀያየርበት ጊዜ ዘጋቢው ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። ላስጨብጣችሁ የምሻው ሐሳብ አጭር ነው። በአደጋ ዘገባ ውስጥ ያለ ቁጥር የሞቱትን ሰዎች ብዛት በቀጥታ አይነግረንም። የሚነግረን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ ሰው የቆጠረውን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር አንባቢው ሊያውቅ የሚገባው አዲሱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ የተቀየረው ምን እንደሆነ ነው። ተጨማሪ ሰው ሞተ? ቀድሞ የሞተ ሰው አስከሬን ተገኘ? ወይስ ቆጣሪው ተለወጠ? እነዚህ ሦስቱ ፈጽሞ የተለያዩ ዜናዎች ናቸው፤ ነገር ግን በተለምዶ ሦስቱንም «የሟቾች ቁጥር አሻቀበ» በሚል አንድ አርእስት እናልፋቸዋለን።

ቁጥሩ የሚሠራበት ቦታ፤ ድሬዳዋ፣ 1998 ዓ.ም.

የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ከተማ መካከል ያልፋል። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለበት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል፣ በዳርቻው ቤት ሠርቶ ይኖራል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከከተማይቱ በላይ ባሉት ተራሮች የጣለው ከባድ ዝናብ በሌሊት ወርዶ፣ በዳርቻው የተኛውን ሰው ከነቤቱ ይዞት ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ዘገባዎች የሞቱትን በአሥሮች ቆጠሩ። በቀናት ውስጥ ቁጥሩ ከ200 አለፈ። በመጨረሻ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው አኃዝ 256 ሟቾችና የደረሱበት ያልታወቀ 244 ሰዎች የሚለው ሆነ። ከመጀመሪያው ዘገባ እስከ መጨረሻው ድረስ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ጎርፉ ግን በአንድ ሌሊት መጥቶ በዚያው ሌሊት አልፏል። በቀጣዮቹ ቀናት ሲያድግ የነበረው የተገኙት አስከሬኖችና የተሰባሰቡት ዝርዝሮች ብዛት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን፣ በእንዲህ ያለ ሌሊት ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። አስከሬን ወደ ሆስፒታል ይመጣል፤ ሆስፒታሉ ይመዘግባል። ፖሊስ በበኩሉ በዳርቻው ያነሳውን ይቆጥራል። የቀበሌ አስተዳደር ነዋሪዎቹን ቤት ለቤት ይጠይቃል። እድር አባሎቹን ያውቃል። ከእነዚህ አራት ምንጮች እያንዳንዱ እውነተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ አራቱ ግን አንድ ዓይነት ነገር አይቆጥሩም። ሆስፒታሉ የሚያውቀው የደረሰለትን አስከሬን ብቻ ነው። በአገራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሟቹን ፈጥኖ መቅበር ልማዱ ስለሆነ፣ ቤተሰብ አስከሬኑን አግኝቶ በዚያው ቀን ከቀበረ፣ ያ ሟች በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል። በአንጻሩ አንድ ሰው በሚኖርበት ቀበሌም፣ አስከሬኑ በተገኘበት ቀበሌም ሊቆጠርና ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። የቀን ሥራ ፈልጎ ከሩቅ የመጣ፣ በዳርቻው ያደረ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ደግሞ ከሁሉም ዝርዝር ይጎድላል፤ ጠፋብኝ ብሎ የሚያመለክትለት የለምና።

ስለዚህ «በሆስፒታሉ 70 አስከሬኖች ተመዝግበዋል» እና «70 ሰዎች ሞቱ» አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገሮች አይደሉም። የመጀመሪያው ነገ 150 ቢባልም ሐሰት አይሆንም። ሁለተኛው ግን ነገ ይሰበራል፤ ሲሰበርም የዘጋቢውን ታማኝነት ይዞ ይሰበራል። ያልታወቀውን በግልጽ መናገር ሲባል «ሁኔታው ግልጽ አይደለም» የሚል ጭጋጋማ ሐረግ መጨመር ማለት አይደለም። የሚታወቀውን በትክክለኛ ስሙ መጥራት ማለት ነው።

አሁን ወደ 244ቱ እንምጣ። ሁለቱን አኃዞች የሚደምር ሰው 500 ያገኛል፤ ድምሩ ክብ ስለሆነ ለአርእስት ያማልላል። ድምሩ ግን የማንም ቆጠራ አይደለም። የደረሱበት ያልታወቀ ከተባሉት ውስጥ በሕይወት የተገኙና ከዝርዝሩ ያልተሰረዙ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ስማቸው ሳይታወቅ ተቀብረው አስቀድሞ ከሟቾቹ ጋር የተቆጠሩም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ፈጽሞ ያልተመዘገቡም አሉ። የመጀመሪያው ምድብ ድምሩን ያበዛዋል፣ ሁለተኛው አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ያስቆጥራል፣ ሦስተኛው ያጎድለዋል። በመሆኑም ሟቾችና የደረሱበት ያልታወቀ ሰዎች በሁለት ዓምድ ይቀመጣሉ፤ በዘጋቢው ብዕር አይደመሩም። አንድ ሰው ከሁለተኛው ዓምድ ወደ መጀመሪያው የሚዛወረው አስከሬኑ ሲገኝና ማንነቱ ሲታወቅ ነው፤ ሲዛወርም ሁለቱም ዓምዶች አብረው ይታደሳሉ። ሟቾቹን ጨምሮ የጠፉትን ሳይቀንስ የታደሰ ዘገባ ካያችሁ፣ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ እያነበባችሁ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ።

ቁጥሩ ወደ ላይ ሲሄድ፤ ጎፋ፣ 2016 ዓ.ም.

ቁጥር ከሰዓት ወደ ሰዓት እንዴት እንደሚጨምር በቅርቡ በአገራችን ያየነው በጎፋ ዞን ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ኮረብታው ተንሸራተተ። ጉዳዩ ጎርፍ ሳይሆን የመሬት መንሸራተት ነው። ነገር ግን መንስኤው ያው ዝናብ ነው፤ የቆጠራውም ችግር ደራሽ ጎርፍ ደለል ጥሎ ሲሄድ ከሚያጋጥመው ጋር አንድ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሰለባዎች ለማውጣት የደረሱ ሰዎች በሁለተኛ ናዳ ተቀበሩ። ስለዚህ በቀበሌው የነዋሪዎች መዝገብ ብቻ ተመርኩዞ ከአፈሩ ሥር ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ አልተቻለም፤ ከሌላ ቦታ ሮጠው የመጡም ነበሩና።

የወጡትን አኃዞች በቅደም ተከተል እናስቀምጣቸው። መጀመሪያ 55 ተባለ። በማግስቱ ማክሰኞ 146 ሆነ፤ ወንዶች 96፣ ሴቶች 50። በዚያው ማክሰኞ የዞኑ ባለሥልጣናት 229 አሉ፤ ወንዶች 148፣ ሴቶች 81። ሐሙስ ዕለት የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የአካባቢ ባለሥልጣናትን ጠቅሶ 257 አለ፤ የሟቾቹ ቁጥር እስከ 500 ሊደርስ እንደሚችልም ጨመረ።

በእነዚህ አኃዞች ላይ ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛው፣ የወንድና የሴት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሚሰጠው መረጃ ከጾታ ስብጥር ያልፋል፤ አንድ ሰው አስከሬኖቹን አንድ በአንድ እንደቆጠረ ያመለክታል። ዘጋቢው ወዲያው ሊደምረው ይገባል፤ 96 እና 50 በትክክል 146 ይሆናል፣ 148 እና 81 ደግሞ 229። ድምሩ ባይገጥም ኖሮ፣ ከማተም በፊት ወደ ምንጩ የሚያስደውል ምልክት ነበር። በአንጻሩ 500 የሚለው ምንም ዝርዝር የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። 500 ግምት ነው። 257ና 500 በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንባቢው ሁለቱን እንደ አንድ ዓይነት ያያቸዋል። ግምት ሊዘገብ ይችላል፣ አንዳንድ ጊዜም ሊዘገብ ይገባል፤ ለእርዳታ ዝግጅት ጠቃሚ ነው። ቦታው ግን በአርእስት ላይ አይደለም፤ ማን እንደገመተውና በምን ላይ ተመሥርቶ እንደገመተው ከተነገረ በኋላ ነው። መሠረቱ ካልተነገረን፣ ያንኑ «መሠረቱ አልተገለጸም» ብለን እንጽፋለን።

ሁለተኛው፣ መቀነስን ይመለከታል። ከ146 ወደ 229 የ83 ልዩነት አለ። ሁለቱም ከዞኑ የመጡ ከሆነ ልዩነቱን መናገር ይቻላል። ከ229 ወደ 257 ግን የ28 ልዩነት ቢኖርም፣ የሁለተኛው አኃዝ አቅራቢ ሌላ ነው። ቢሮው ከየትኛው ሰዓት ቆጠራ፣ ከየትኛው የአስተዳደር እርከን እንደወሰደ ካላወቅን፣ «ተጨማሪ 28 ሰዎች» ብለን መጻፍ አንችልም። ከሁለት የተለያዩ ምንጮች የመጡ ሁለት ቁጥሮችን ቀንሶ የተገኘ ልዩነት ምንጭ የለውም፤ ዘጋቢው ራሱ የፈጠረው አኃዝ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ግሱ ነው። «የሟቾች ቁጥር እያሻቀበ ነው» ብለን ስንጽፍ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የሚያነብ ሰው በጎፋ ሰዎች በዚያች ሰዓት እየሞቱ እንደሆነ ያስባል። ዘመድ ያለው ሰው ስልክ ያነሳል፤ ሌላው ጉዞ ይጀምራል። በእውነቱ ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቁጥሩን የጨመረው በእጅና በአካፋ ሲካሄድ የነበረው ቁፋሮ ነው። ሰዎቹ የሞቱት ሰኞ ነው፤ የተገኙት ግን ከዚያ በኋላ ነው። የቁጥሩ የእድገት ፍጥነት የሚለካው የአደጋውን ክብደት ሳይሆን የቁፋሮውን ሂደት ነው። ቁጥሩ ቆመ ማለትም ሁሉም ተገኝቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ዝናብ ዳግመኛ ጥሎ ቁፋሮው ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአኃዙን መቆም የሚዘግብ ሰው ቁፋሮው መቀጠሉን ወይም መቆሙን አብሮ ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ በሥራ ላይ እናውለው። የመጀመሪያው አጭር ዘገባ እንዲህ ሊጻፍ ይችል ነበር፦

«በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ቢያንስ 55 ሰዎች መሞታቸውን የአካባቢው ባለሥልጣናት ገለጹ። ቁፋሮው አልተጠናቀቀም። ለነፍስ አድን ሥራ የደረሱ ሰዎችም በሁለተኛ ናዳ በመቀበራቸው፣ በአደጋው ጊዜ በቦታው ስንት ሰው እንደነበረ እስካሁን አልታወቀም።»

በማግስቱ፣ ጭማሪው ከቁፋሮ መሆኑን ከቦታው ካረጋገጥን በኋላ፣ የታደሰው ዘገባ እንዲህ ይላል፦

«ቀደም ሲል 146 ተብሎ የተዘገበው የሟቾች ቁጥር 229 መድረሱን የጎፋ ዞን ባለሥልጣናት ገለጹ፤ ከእነዚህ ውስጥ 148ቱ ወንዶች፣ 81ዱ ሴቶች ናቸው። ቁጥሩ የጨመረው በቁፋሮ ተጨማሪ አስከሬኖች በመገኘታቸው ነው፤ ከሰኞው ወዲህ ሌላ ጉዳት ያደረሰ ናዳ ስለመኖሩ የተገለጸ ነገር የለም።»

የሁለተኛውን ጽሑፍ አሠራር ልብ በሉ። አሮጌውን ቁጥር አልሰወረም፤ ስሙን ጠርቶ ተክቶታል። ቀደም ሲል 146 ያነበበ ሰው ኋላ 229 ሲያይ ግራ አይጋባም፤ የዋሸው እንደሌለም ያውቃል። ቁጥሩን ብቻ በዝምታ ቀይሮ ሌላውን እንዳለ የሚተው አሠራር ግን፣ ትናንት የተነበበውን ዛሬ እንዳልተጻፈ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጉድለት አለ፤ አርእስቱ 229 ይላል፣ ሦስተኛው አንቀጽ 146 እንዳለ ይቀራል፣ የፎቶው መግለጫ ደግሞ 55 ይላል። አንድ ዘገባ በታደሰ ቁጥር ቁጥሩ የተጠቀሰበት ቦታ ሁሉ በእጅ ተፈልጎ መታየት አለበት።

ቁጥሩ ወደ ታች ሲሄድ፤ ደርና፣ 2023 እ.ኤ.አ.

ቁጥር ሁልጊዜ ወደ ላይ አይሄድም። ሲወርድ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም አንባቢው «ሞቱ የተባሉት ተነሡ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ጥርጣሬውም ወደ ቀረው ቁጥር ሁሉ ይዛመታል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ለ11 2023 በሊቢያ ዳንኤል የተባለው ማዕበል ባመጣው ዝናብ ከደርና ከተማ በላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች ፈረሱ፤ ውሃውም የከተማዪቱን ሰፈሮች ከነነዋሪዎቻቸው ወደ ባሕር ጠረገ። በአገሪቱ ሁለት ተፎካካሪ አስተዳደሮች ስለነበሩ አንድ ቆጣሪ አልነበረም። የከተማዋ ከንቲባ ከተጠረጉት ሰፈሮች ስፋት ተነሥተው ሟቾቹ ከ18,000 እስከ 20,000 ሊደርሱ ይችላሉ አሉ። ከቀናት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የሊቢያን ቀይ ጨረቃ ምንጭ አድርጎ 11,300 ሰዎች በደርና ሞተዋል የሚል አኃዝ አወጣ። ቀይ ጨረቃው ግን ቁጥሩ ከእኔ የመጣ አይደለም ሲል አስተባበለ። ቢሮው አኃዙን አርሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያረጋገጣቸው 3,958 ሟቾችና የደረሱበት ያልታወቀ ከ9,000 በላይ ሰዎች ብሎ አስተካከለው። ኋላ ላይ የተሰባሰበው የሟቾች አኃዝ ከ5,900 በላይ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ የምንጩ ስም ታላቅነት ለቁጥሩ ዋስትና አለመሆኑን ነው። ቢሮው ራሱ አልቆጠረም፤ ከሌላ ሰምቶ ነው ያስተላለፈው። የሌላውን ቆጠራ የሚያስተላልፍ ተቋምን ስንጠቅስ ሁለቱንም ስሞች እንጽፋለን፤ «እገሌ እገሌን ጠቅሶ እንደገለጸው» እንላለን። ሁለተኛው ስም ካለ፣ ለዚያ ለሁለተኛው መደወል ይቻላል። በደርና ጉዳይ ስሕተቱ የተጋለጠው ዋናው ቆጣሪ ተብሎ የተጠቀሰው አካል ስለተናገረ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት፣ የወረደ ቁጥር የግድ መልካም ዜና አለመሆኑ ነው። ከ11,300 ወደ 3,958 ሲወርድ ማንም ሰው ከሞት አልዳነም። የተለወጠው የማረጋገጫው ደረጃ ነው። እንዲህ ያለውን ለውጥ «የሟቾች ቁጥር ቀነሰ» ብሎ መዘገብ፣ የደረሱበት ያልታወቀውን ከ9,000 በላይ ሰዎች እየፈለጉ ላሉት ቤተሰቦች የሚያስተላልፈው መልእክት ምን እንደሆነ አስቡት። ትክክለኛው አገላለጽ «ቀደም ሲል የተሰጠው አኃዝ በተባለው ምንጭ አልተረጋገጠም፤ እስካሁን የተረጋገጠው ይህን ያህል ነው፤ የደረሱበት ያልታወቀው ደግሞ ይህን ያህል ናቸው» የሚል ነው። ቁጥሩ የወረደ ዘገባ ቁጥሩ ከጨመረው ይልቅ ረዘም ያለ ማብራሪያ ይሻል፤ ማብራሪያውም በገጹ ግርጌ ሳይሆን ቁጥሩ ካለበት አጠገብ ይቀመጣል።

ስለ ቃላችንና ስለ ሰዓታችን

እስካሁን ያነሳሁት ችግር የየትኛውም አገር ዘጋቢ ችግር ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ዘጋቢ ግን የራሱ የሆኑ ሁለት ወጥመዶች አሉበት።

የመጀመሪያው «ተጎጂ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ በእኛ አነጋገር የቆሰለውንም፣ ቤቱ የፈረሰበትንም፣ እህሉ የተወሰደበትንም፣ አንዳንድ ጊዜም የሞተውን ያጠቃልላል። አንድ የቀበሌ ኃላፊ በስልክ «ሦስት መቶ ተጎጂ አለን» ሲል ምናልባት ከቤታቸው የወጡትን ሰዎች ማለቱ ነው፤ ምናልባትም ሰዎችን ሳይሆን አባወራዎችን ቆጥሮ ነው። በሰዎችና በአባወራዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ እጥፍ ነው። በተቃራኒው ከውጭ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ሟችንና ቁስለኛን በአንድነት የሚጠራውን ቃል «ሟቾች» ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ቁስለኛው ሁሉ ይሞታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ኃላፊው «ተጎጂ» ሲል «የሞቱ ናቸው? የቆሰሉ ናቸው? ቤታቸውን ያጡ ናቸው? በሰው ነው ወይስ በቤተሰብ የቆጠራችሁት?» ብሎ መጠየቅ፤ መልስ ካልተገኘ ቁጥሩን በአርእስት አለመጠቀም።

ከዚሁ ጋር ሦስት ትናንሽ ቃላት አሉ፤ «ቢያንስ»፣ «ወደ» እና «እስከ»። «ቢያንስ 55» ማለት 55ቱ ተቆጥረዋል፣ ሌላም ሊኖር ይችላል ማለት ነው። «ወደ 55» ማለት ማንም በትክክል አልቆጠረም ማለት ነው። «እስከ 55» ማለት ደግሞ ከዚህ አይበልጥም የሚል ጣሪያ ነው። ሦስቱን እንደ ጌጥ እያፈራረቁ መጠቀም ሦስት የተለያዩ እውቀቶችን ማደባለቅ ነው። ምንጩ «ወደ» ካለ እኛ «ቢያንስ» ልንለው አንችልም።

ሁለተኛው ወጥመድ ሰዓትና ቀን ነው። የሚታደስ ዘገባ ሁሉ «እስከዚህ ሰዓት ድረስ» የሚል ማኅተም ያስፈልገዋል። የእኛ ሰዓት ግን ከንጋት ይቆጠራል፤ የውጭ ዜና ወኪሎች ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ይቆጠራል፤ መካከላቸው ስድስት ሰዓት አለ። አንድ ወኪል ከምሳ በፊት 9 ሰዓት ላይ ያወጣው አኃዝ በአማርኛ እንዳለ «9 ሰዓት» ተብሎ ቢገለበጥ ከቀትር በኋላ ይሆናል፤ በዚያ መካከል ሌላ ቆጠራ ወጥቶ ከሆነ አሮጌው ቁጥር እንደ አዲስ ይቀመጣል፣ አዲሱም ይጠፋል። እንዲሁም «ቅዳሜ ሌሊት» ስንል ለእሑድ አጥቢያ ማለታችን እንደሆነ የአገሬው ሰው ቢገባውም፣ የሌላው አገር ሰው ሌላ ሌሊት ይረዳል፤ አንዱ ጎርፍ ሁለት ጎርፍ ይሆናል። ስለዚህ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት»፣ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ለእሑድ አጥቢያ» ብሎ አሟልቶ መጻፍ አስፈላጊ ነው።

ቆጠራ ሳይኖር የሚጻፍ ዘገባ

አሁን ወደ ጊኒር ልመልሳችሁ። ጎርፉ ዛሬ ማታ ወረደ እንበል። ምንም ቆጠራ የለም። ከቆላው ቀበሌዎች ከአንዱ አንድ ሽማግሌ በስልክ «ሰው አልቋል» ይላሉ፤ ስልኩ ይቋረጣል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት «እስካሁን የደረሰን የሞት ሪፖርት የለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሚፈተነው ዘጋቢው ነው።

«ሰው አልቋል» የሚለው አነጋገር የሐዘን ቃል ነው፤ ከእርሱ አኃዝ አይወጣም። «የሞት ሪፖርት የለም» የሚለውም የሞተ ሰው የለም ማለት አይደለም፤ ሪፖርት አለመድረሱን ብቻ ይናገራል። እጅግ የተጎዳው ቀበሌ መንገዱና ስልኩ ቀድሞ የሚቆረጥበት ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሌሊት ዝም ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ ዋናው ቦታ ነው። ስለዚህ በዚያች ሌሊት ሊጻፍ የሚችለው ከሁሉ የበለጠ መረጃ ያለው ዐረፍተ ነገር ቁጥር የለበትም፤ «ከእነዚህ ቀበሌዎች ወሬ ደርሷል፤ ከእነዚህ ግን እስካሁን ምንም አልተሰማም» የሚል ነው። የቀበሌዎቹን ስም መዘርዘር ለነፍስ አድን ሠራተኛው የት መሄድ እንዳለበት ይነግረዋል፤ በሌላ ከተማ ለሚጨነቀው ዘመድም ዝምታው ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ይነግረዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ደብተር ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አምስት ነገሮች ይጻፋሉ፤ ሰዓቱ፣ የተናገረው ሰው ኃላፊነት፣ የቆጠረው ምንን እንደሆነ፣ የቆጠራው ክልል የት ድረስ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ቁጥሩ። ቁጥሩ መጨረሻ የሚጻፈው ሆን ተብሎ ነው፤ ቀድሞ ከተጻፈ ሌላው ይረሳል። በሁለተኛው ቀን ሁለት ምንጮች ሲጣሉ ደብተሩን ማየት ብዙውን ጊዜ ጠቡን ይፈታል። ለምሳሌ አንዱ ወረዳውን፣ ሌላው ዞኑን ቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ካልተፈታ ሁለቱም ከነምንጫቸው ይጻፋሉ። መካከለኛውን መውሰድ ግን አይገባም፤ የሁለት ቆጠራዎች አማካይ ማንም ያልቆጠረው ቁጥር ነው።

ዘገባው የሚዘጋበት ጊዜ

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ መጨረሻው ቁጥር ነው። ጋዜጠኞች ሌላ ዜና ሲመጣ ይሄዳሉ፤ በዚያች ቀን የነበረው ቁጥርም በገጹ ላይ ይደርቃል። ከዓመታት በኋላ ተማሪው ለጥናቱ፣ ተቋሙ ለእቅዱ የሚጠቅሰው ያንን የደረቀ ቁጥር ነው። ስለዚህ የመጨረሻው እድሳት «ቆጠራው በዚህ ቀን ቆሟል» ወይም «ይህ ዘገባ ከዚህ ቀን ወዲህ አልታደሰም» የሚል መስመር ሊኖረው ይገባል። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ስለ ፍለጋው፣ ሁለተኛው ስለ እኛ ይናገራል።

የደረሱበት ያልታወቀ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ ከዘገባው በኋላም ይኖራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 154 እንደሚደነግገው፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ያገባኛል የሚል ወገን መጥፋቱ እንዲታወጅለት ዳኞችን መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ሁለት ዓመት የሚጠብቅበት ምክንያት አለው፤ በዚህ ላይ የሚስቱ፣ የልጆቹ፣ የመሬቱና የገንዘቡ ጉዳይ ይንጠለጠላል። ዳኛ ሁለት ዓመት የሚታገሥበትን ነገር ዘጋቢ በሁለተኛው ቀን በአርእስት ደምሮ ሞት ማድረግ አይገባውም። ከደቻቱ ሌሊት ወዲህ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ አልፈዋል፤ 244ቱ ዛሬም በሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ናቸው። እዚያው ሊቆዩ ይገባል፤ ከዚያ የሚያወጣቸው የተገኘ ሰው ወይም የተሰጠ ፍርድ እንጂ የእኛ ድምር አይደለም።